ማረጋገጫ ለመጠየቅ ይሉኝታ ከያዘዎት

የሦስት ወር የሥራ ልምምድዎን ጨርሰዋል እንበል። ሊንክድኢን ገጽዎ ግን አሁንም እዚያው እየሠሩ እንደሆነ ያሳያል። መጀመሪያ ያበቃበትን ወር ያስገቡ፤ የሥራውን ዓይነት «Internship» ብለው ይምረጡ። «በሒሳብ ክፍል ሠርቻለሁ» ከማለት ይልቅም «የባንክ መግለጫን ከመዝገቡ ጋር በየወሩ አስታርቄያለሁ» ብለው ይጻፉ።

ይሉኝታው የሚመጣው ባልደረቦችን መጠየቅ ላይ ነው። ማረጋገጫው ራሱ አንድ ጠቅታ ነው፤ ችሎታው አስቀድሞ ገጽዎ ላይ መስፈር፣ ሰውየውም ከእርስዎ ጋር በሊንክድኢን መገናኘት አለበት። አንድ መልእክት ለሁሉም አይበትኑ። ሥራዎን በዓይናቸው ያዩ ሁለት ሦስት ሰዎችን ይምረጡና ለአለቃዎ ለምሳሌ እንዲህ ይጻፉ፦

«እንደምን ሰነበቱ? የሚያዝያን ሒሳብ ስናስታርቅ በትዕግሥት ስላሳዩኝ አመሰግናለሁ። ያኔ ያዩትን የኤክሴል ችሎታዬን ሊንክድኢን ላይ ቢያረጋግጡልኝ ደስ ይለኛል። ካልተመቸዎት ግን ምንም አይደል።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አይዝለሏት፤ እምቢ ለማለት በር የተከፈተለት ሰው አይጨነቅም። መልስ ከጠፋ ከሁለት ሳምንት በኋላ አንዴ ያስታውሱ፣ ከዚያ ይተዉት። «አረጋግጥልኝ፣ አረጋግጥልሃለሁ» የሚል ውል ውስጥ ግን አይግቡ። ፎቶሾፕ ከፍተው የማያውቁ ከሆነ፣ አሥር ሰው ቢመሰክርልዎም ቀጣሪው ኮምፒውተሩን ሲያቀርብልዎ ያፍራሉ።