ውሃ የሚነግረን የእንቁላሉን ዕድሜ ብቻ ነው

ከሲቀላ እስከ ሴቻ ብዙ ቤት እንቁላል የሚዳኘው በውሃ ነው። ከሰመጠ ይበላል፣ ከተንሳፈፈ ይጣላል። ይህ ፍርድ ግማሹ ስህተት ነው።

እንቁላል ሲቆይ በቅርፊቱ ቀዳዳዎች እርጥበቱ ይተናል፤ ውስጡ ያለው አየር ይሰፋና ይንሳፈፋል። በአርባ ምንጭ ሙቀት ደግሞ ይፈጥናል። ሳልሞኔላ ግን እንቁላል አያንሳፍፍም። ዶሮዋ ዛሬ የጣለችው ሰምጦም ሊይዘው ይችላል። የታተመበት ቀን ያለፈ ሁሉም መርዝ አይደለም፤ ፍሪጅ ውስጥ ከቆየ፣ ቅርፊቱ ካልተነካና ሲሰበር ካልሸተተ በደንብ አብስሎ መብላት ይቻላል።

እኔ የምቃወመው «ተሰንጥቋል፣ በቅናሽ ውሰዱ» የሚለውን ንግድ ነው። ስንጥቁ ለጀርም በር ነው፤ መቼ እንደተሰነጠቀ ሻጩም አያውቅም። ቅናሹን የምንከፍለው በሆዳችን ነው። ወደ ቤት ስትወስዱ መንገድ ላይ ከተሰነጠቀባችሁ ግን ንጹህ ዕቃ ውስጥ ሰብራችሁ፣ ከድናችሁ ፍሪጅ አስገቡትና በ2 ቀን ውስጥ አብስሉት። ፍሪጅ ከሌለ ያኔውኑ አብስሉት።

ሳልሞኔላን የሚገድለው እሳት ነው፤ አስኳሉም ነጩም እስኪጠነክር፣ ማለትም 71 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እስኪደርስ። ዶሮ ወጥ ውስጥ የሚገባው ቅቅል ይህን ያልፋል። ያልበሰለው እርጥብ ፍርፍርና «ያጠነክራል» እየተባለ በወተት የሚጠጣው ጥሬ እንቁላል ግን አያልፉም። ለሕፃንና ለነፍሰ ጡር ፈጽሞ አትስጡ።