ሃያ አራት ዓምድ ለማን ነው?

ቅዳሜና እሑድ ከአዲስ አበባ ወደ ላንጋኖ የሚወርድ ሰው የሐይቁን ቡናማ ቀለም አይቶ መጀመሪያ ያመነታል፤ "ቢልሃርዚያ የለበትም" ሲባል ደግሞ ልብሱን አውልቆ ይገባል። ሲጠማው የሚጠጣው በፕላስቲክ ታሽጎ የመጣውን ውሃ ነው፤ እሑድ ማታ ወደ ቤቱ ይመለሳል። በሐይቁ ዙሪያ የሚኖረው ገበሬና ከብት አርቢ ግን ሰኞም ማክሰኞም የሚጠጣው የጉድጓድ ወይም የቦኖ ውሃ ነው። የዚያ ውሃ ችግር በቀለም አይታወቅም። ጥርት ብሎ፣ ምንም ሳይሸት ወደ ጀሪካኑ የሚወርደው ውሃ ፍሎራይድ ሊኖርበት ይችላል፤ ዓይንም ምላስም አይለየውም።

ነገሩ አዲስ አይደለም። የስምጥ ሸለቆው የእሳተ ገሞራ ድንጋይና የከርሰ ምድሩ ሙቀት ፍሎራይድን ወደ ውሃው ይለቃሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ከዚያ ሲያልፍ ጥርሳቸው ገና እየተሠራ ያሉ ሕፃናት ጥርሳቸው ይበልዛል፤ መጠኑ ከፍ ብሎ ዓመታት ሲቆጠሩ ደግሞ አጥንትና መገጣጠሚያን ይይዛል። ማፍላት አይጠቅምም፤ እንፋሎቱ ይወጣና ፍሎራይዱ ድስቱ ውስጥ ይቀራል፤ እንዲያውም ይወፍራል። አዳማ አጠገብ ያለው ወንጂ ይህን ከሁሉ ቀድሞ በሠራተኞቹ አካል ላይ ያየ ቦታ ነው። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በ1987 እ.ኤ.አ. የስምጥ ሸለቆውን ፍሎሮሲስ ጽፈው አሳተሙ፤ በ2006 ደግሞ ፍሎራይድ በአገሪቱ ውሃዎች ውስጥ የት የት እንደሚገኝ የሚያሳይ ጥናት አወጡ። እውቀቱ አለ። የሚለካም አለ። ልኬቱ ግን ውሃውን ለሚጠጣው ሰው የሚደርሰው በምን መልክ ነው?

በኤክሴል ሰንጠረዥ ነው። ለምሳሌ ስልሳ ጉድጓድ በስልሳ ረድፍ፣ ሃያ አራት ዓምድ ያለው ፋይል እንውሰድ። የናሙና ኮድ፣ የጉድጓድ ስም፣ ቀበሌ፣ የካርታ መጋጠሚያዎች፣ ከፍታ፣ ጥልቀት፣ ቀን፣ ሙቀት፣ ፒኤች፣ ሶዲየም፣ ፖታሲየም፣ ካልሲየም እያለ ይሄዳል፤ ፍሎራይዱ 21ኛው ዓምድ ላይ ይገኛል። ይህ ፋይል በቴሌግራም ወደ ውሃ ኮሚቴው ሰብሳቢ ስልክ ይላካል፤ ላኪውም "መረጃው ተሰጥቷል" ብሎ ሪፖርቱ ላይ ይጽፋል።

ተሰጥቷል ወይ? ሰብሳቢው ፋይሉን ስልኩ ላይ ሲከፍተው አራት ወይም አምስት ዓምድ ያያል። ወደ ቀኝ ሲገፋው የጉድጓዱ ስም በግራ በኩል ይጠፋል፤ 21ኛው ዓምድ ላይ ሲደርስ የትኛው ረድፍ ላይ እንደነበረ ረስቷል። "እሺ፣ አትሙልኝ" ቢልም አይሻለውም። በተለመደው የዓምድ ስፋት አንድ ቁም ኤ4 ወረቀት ወደ ዘጠኝ ዓምድ ነው የሚይዘው። ስልሳ ረድፉ ወደ ታች ሁለት ገጽ፣ ሃያ አራቱ ዓምድ ወደ ጎን ሦስት ገጽ፣ በድምሩ ስድስት ገጽ። ኤክሴል ካልተነገረው በቀር መጀመሪያ ወደ ታች አትሞ ነው ወደ ጎን የሚሻገረው፤ ስለዚህ ስሙ በ1ኛው ገጽ፣ ፍሎራይዱ በ5ኛው ገጽ ይወጣል። አምስተኛው ገጽ ላይ ያለው የቁጥር ጎርፍ ብቻ ነው፤ የማን እንደሆነ የሚናገር አንድ ስም የለበትም። ሁሉንም በአንድ ገጽ ስፋት ጨምቁት ቢባል ደግሞ 11 የነበረው ፊደል ወደ 4 ይወርዳል። ያንን የሚያነብ ዓይን ያለው ሰው መነጽር ለሚሸጡት ጥሩ ደንበኛ አይሆንም።

መፍትሔው ሰንጠረዡን መጣል አይደለም፤ ከሰንጠረዡ ለእያንዳንዱ ናሙና አንድ አንድ ካርድ ማውጣት ነው። ወደ ጎን የተዘረጋው ረድፍ ወደ ታች ይወርዳል፤ በግራ የነገሩ ስም፣ በቀኝ ዋጋው። ካርዱ ደግሞ የሰንጠረዡን ቅደም ተከተል የመጠበቅ ግዴታ የለበትም። ላቦራቶሪው ፍሎራይድን 21ኛ ያደረገው ለራሱ ምቾት ነው፤ ካርዱ ላይ ከስሙና ከቀኑ ቀጥሎ ይመጣል። ሶዲየምና ፖታሲየም ከታች ይቆዩ፤ ማንም አይጣላቸውም።

ሥራው የግማሽ ቀን ነው። ሰንጠረዡ data በሚባል ሺት ላይ ይቀመጥ፤ ርእሶቹ በ1ኛው ረድፍ፣ ኮዱ በ A ዓምድ። አዲስ ሺት ይከፈትና A ዓምድ ላይ የሚፈለጉት ርእሶች ሰንጠረዡ ላይ እንደተጻፉት ይጻፉ፤ B ዓምድ ላይ ሰው የሚያነበው ስያሜ ይሁን፤ C1 ላይ የናሙናው ኮድ ይገባል። C3 ላይ ይህ ይጻፍና ወደ ታች ይጎተት፦

```
=INDEX(data!$A$2:$X$61,
  MATCH($C$1,data!$A$2:$A$61,0),
  MATCH($A3,data!$A$1:$X$1,0))
```

የመጀመሪያው MATCH ረድፉን በኮዱ ይፈልጋል፣ ሁለተኛው ዓምዱን በርእሱ። C1 ላይ ኮዱ ሲቀየር ካርዱ በሙሉ ይቀየራል። ለማተም ሲባል A ዓምድ ይደበቃል። ሁለት ስያሜ ያስፈለገውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ሰንጠረዡ በእንግሊዝኛ ቢሆንም ካርዱ በአፋን ኦሮሞ መውጣት ይችላል፤ ላንጋኖ ዳር ያለው ኮሚቴ የሚያነበው እሱን ነውና።

እዚህ ላይ ግን አንድ አደገኛ ነገር አለ፤ ካርድ ሠራሁ ብሎ የሚኮራ ባለሙያ ሁሉ ሊያየው የሚገባው ነው። ከላይ ያለው ፎርሙላ ባዶ ሴል ሲያጋጥመው ባዶ አይመልስም፤ 0 ይመልሳል። ፍሎራይዱ ያልተለካ ጉድጓድ ካርዱ ላይ "ፍሎራይድ 0" ተብሎ ይወጣል። ሰንጠረዡ ላይ "አናውቅም" የነበረው ካርዱ ላይ "ንጹሕ ነው" ሆነ ማለት ነው። ኮሚቴው ከተለካውና 2.8 ከወጣበት ጉድጓድ ሸሽቶ ምንም ወዳልተለካው ሊዛወር ይችላል። ይህ የጽሕፈት ስሕተት አይደለም፤ ሕፃናትን የሚያስጠጣ ስሕተት ነው። ስለዚህ ፎርሙላው እንዲህ ይሁን፦

```
=IF(INDEX(data!$A$2:$X$61,MATCH($C$1,data!$A$2:$A$61,0),
  MATCH($A3,data!$A$1:$X$1,0))="","አልተለካም",
 INDEX(data!$A$2:$X$61,MATCH($C$1,data!$A$2:$A$61,0),
  MATCH($A3,data!$A$1:$X$1,0)))
```

ርዝመቱ አያስደነግጥ፤ ያንኑ ፍለጋ ሁለት ጊዜ መጻፍ ነው። የተሳካ መሆኑን ለማወቅ ባዶ ሴል እንዳለው የሚታወቅ አንድ ኮድ C1 ላይ አስገብቶ ማየት ነው። "አልተለካም" ካላለ አንድም ካርድ አይታተም።

ሁለተኛው ወጥመድም ዝም ብሎ የሚያልፍ ነው። ርእሱ ላይ አንድ ትርፍ ክፍት ቦታ ካለ ኤክሴል #N/A ብሎ ይጮኻል፤ የሚጮኸው ስሕተት አይፈራም። የሚፈራው MATCH ሁልጊዜ የመጀመሪያውን አግኝቶ ማቆሙ ነው። አንድ ጉድጓድ በበጋና በክረምት ሁለት ጊዜ ተለክቶ በአንድ ኮድ ሁለት ረድፍ ላይ ከተጻፈ ካርዱ የላይኛውን ብቻ ያሳያል፤ ሁለተኛው ልኬት ሳይታወቅ ይቀራል። በስም መፈለግማ ጭራሽ አይሞከርም። አንዱ "ዝዋይ" ያለውን ሌላው "ባቱ" ይለዋል፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ኤክሴል ግን አያስታርቃቸውም። ካርዱ የጉድጓዱ ሳይሆን የናሙናው ይሁን፤ እያንዳንዱ ናሙና የራሱ ኮድ ይኑረው፤ የጉድጓዱ ስም በካርዱ ውስጥ አንድ መስመር ይሁን።

ቀኑስ? ኤክሴል አሥራ ሦስተኛ ወር አያውቅም። ጳጉሜን 5 ቀን 2014ን 05/13/2014 ብሎ የጻፈ ባለሙያ ኮምፒውተሩ ወርን የሚያስቀድም ከሆነ ሳያውቀው ሜይ 13 ቀን 2014 አድርጎ መዝግቧል። ቀንን የሚያስቀድም ኮምፒውተር ላይ ደግሞ ጥቅምት 30 ተብሎ 30/02 የተጻፈው ቀን ሳይሆን ተራ ጽሑፍ ሆኖ ይቀራል፤ ፌብሩዋሪ ሠላሳ ቀን የለውምና። የካቲት 30 ግን ጁን 30 ሆኖ በሰላም ያልፋል። ሰንጠረዡ ላይ ስልሳ ቀኖች ተደርድረው ስለሚታዩ አንዳንዱ ወደ ግራ አንዳንዱ ወደ ቀኝ ተጠግቶ ሲቆም ዓይን ይጠራጠራል፤ ካርዱ ላይ ግን ቀኑ ብቻውን ነው፤ ምንም አይጠረጠርም። ስለዚህ ቀኑ ከመጀመሪያው እንደ ጽሑፍ፣ የወሩ ስም በፊደል ይጻፍ፤ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. መሆኑም ይለይ።

ተቃዋሚ አይጠፋም። "ሰንጠረዥ ለማወዳደር ነው፤ ስልሳ ካርድ ዘርግቶ የትኛው ጉድጓድ እንደሚሻል ማን ያያል?" የሚሉ ባለሙያዎች አሉ። እውነታቸውን ነው። ዲዛይን ለሚሠራው መሐንዲስ፣ ለተመራማሪው፣ በጀት ለሚከፋፍለው ሰንጠረዡ እንዳለ ይቆይ፤ ካርዱም በእጅ ተጽፎ ሳይሆን ከእሱ ብቻ ይውጣ፤ ያለዚያ በዓመቱ ሁለት የተለያየ እውነት ይኖራል። ለኮሚቴውም ከካርዱ ጀርባ የቀበሌው ጉድጓዶች ስም፣ ፍሎራይድና ቀን ብቻ ያሉበት ባለሦስት ዓምድ ዝርዝር ይታተምለት። ሦስት ዓምድ ስልክም ይይዘዋል፣ ሰውም ይይዘዋል።

"የግራውን ዓምድ በየገጹ እንዲደገም ማድረግ ይበቃል" የሚለው መልስ ግን የሰነፍ ነው። ስሙ በየገጹ ይደገማል፣ ልክ ነው፤ አንባቢው ግን አሁንም አንዱን ቁጥር ለማግኘት ሃያ ሦስት የማይመለከቱትን ያልፋል፤ 2.8ን ሲያገኝም ጣሪያው 1.5 መሆኑን የሚነግረው የለም። ካርዱ ላይ ከቁጥሩ ጎን ይጻፋል። ለምሳሌ ተብሎ በተሞላ ካርድ እንዲህ ይታያል፦

```
ኮድ        L-07-2
ጉድጓድ      የትምህርት ቤቱ ቦኖ
ቀን        ጥር 12 ቀን 2016 ዓ.ም.
ፍሎራይድ    2.8 (ጣሪያው 1.5)
ለመጠጥ     ከጣሪያው በላይ
አርሰኒክ     አልተለካም
```

ይህ ወረቀት በፕላስቲክ ተሸፍኖ ቦኖው አጠገብ ሊሰቀል ይችላል። አርሰኒኩ ለምን እንዳልተለካ የሚጠይቅ ሰው ካለም፣ የሚጠይቀው ከዚያ የመጨረሻ መስመር ተነሥቶ ነው፤ ሃያ አራት ዓምዱ ላይ ያ ጥያቄ አንድ ባዶ ሴል ነበር።