በካርድ ላይ ያለው ዶላር ለምን ይታገዳል? መቼስ ይለቀቃል?

ወደ ዱባይ ለዕቃ ግዢ የሚመላለስ ነጋዴ ዶላሩን በኪሱ ከመያዝ በባንክ ካርድ መያዙ ብዙ ጥቅም አለው። ከስርቆት ይድናል፣ ቀሪ ሂሳቡንም በስልኩ ያያል። ይሁን እንጂ ካርዱን ለሆቴል እንግዳ መቀበያ ባቀረበባት ደቂቃ ቀሪ ሂሳቡ በብዙ መቶ ዶላር ሊቀንስ ይችላል። ሆቴሉ ገና አንድም ሳንቲም አልተቀበለም፤ ነጋዴው ግን በገንዘቡ ማዘዝ አይችልም። በንግዱ ቋንቋ ይህ ዕግድ ነው። መቼ እንደሚነሳ አስቀድሞ ያልጠየቀ ሰው፣ ዕቃ በሚገዛበት ቀን ገንዘቡ ላም አለኝ በሰማይ ይሆንበታል።

የካርድ ክፍያ የሚከናወነው በሁለት ደረጃ ነው። በመጀመሪያ ሻጩ ካርዱን የሰጠውን ባንክ “ይህን ያህል ገንዘብ አለው ወይ?” ብሎ ይጠይቃል። ባንኩ ከፈቀደ መጠኑን ከደንበኛው ሂሳብ ላይ ያግደዋል። ሂሳቡ የሚወራረደው በኋላ ሻጩ የመጨረሻውን መጠን ሲልክ ሲሆን፣ ይህም ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት የሥራ ቀን ይፈጃል። በሱቅ ግዢ ሁለቱም መጠኖች አንድ ስለሆኑ ደንበኛው ልዩነቱን አያስተውለውም። ችግሩ የሚታየው ሻጩ የመጨረሻውን ዋጋ በማያውቅበት ንግድ፣ ማለትም በነዳጅና በሆቴል ላይ ነው።

በኢትዮጵያ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ነዳጅ በዲጂታል ክፍያ እንዲሸጥ ተደርጓል። እዚህ አሽከርካሪው የሚከፍለው የቀዳውን ያህል ስለሆነ ዕግድ የሚባል ነገር አያጋጥመውም። በአሜሪካ ግን ካርዱ የሚነበበው ከመቅዳት በፊት ነው። ማሽኑ ስንት ጋሎን እንደሚቀዳ ስለማያውቅ ከፍ ያለ መጠን ያስፈቅዳል፤ ቪዛና ማስተርካርድ እ.ኤ.አ. በ2022 ጣሪያውን ከ125 ወደ 175 ዶላር አሳድገውታል። በሂሳቡ 220 ዶላር ያለው የዋሽንግተን ታክሲ ነጂ የ40 ዶላር ነዳጅ ቢቀዳ፣ 175 ዶላር ታግዶበት 45 ዶላር ብቻ ሊቀረው ይችላል። ማደያው ትክክለኛውን 40 ዶላር ወዲያው ከላከና ባንኩም ተቀብሎ ካስተካከለ ትርፉ በሰዓታት ውስጥ ይመለሳል። ባንኩ ካላስተካከለ ግን እስኪወራረድ መጠበቅ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ገብቶ ለገንዘብ ተቀባዩ “የ40 ዶላር” ብሎ ቢከፍል የሚያዘው 40 ብቻ ነው።

የሆቴሉ ግን ከዚህ የከበደ ነው። ለምሳሌ 2,000 ዶላር የተሞላበት ካርድ ይዞ ዱባይ የገባ ነጋዴ ይወሰድ። አልጋው በቀን 350 ድርሃም ነው፤ ስድስት ሌሊት ያድራል፣ ጠቅላላው 2,100 ድርሃም ይሆናል። ሆቴሉ ለምግብ፣ ለስልክና ለብልሽት መጠባበቂያ በቀን 100 ድርሃም ጨምሮ 2,700 ድርሃም ያሳግዳል። ድርሃም ከዶላር ጋር በ3.6725 የታሰረ ስለሆነ ይህ 735 ዶላር ገደማ ነው። ነጋዴው ሊያወጣ የሚችለው ወደ 1,265 ዶላር ይወርዳል።

ነጋዴው በሰባተኛው ቀን ጠዋት ሆቴሉን ሲለቅ፣ ሠራተኛው የታገደውን ሂሳብ ከመዝጋት ይልቅ ካርዱን እንደ አዲስ አስገብቶ 2,100 ድርሃም፣ ማለትም 572 ዶላር ይቀበለዋል። የፊተኛው ዕግድ ግን እንዳለ ነው። አሁን ከ2,000 ዶላሩ ላይ 735 እና 572 ተነስቶ የሚቀረው 693 ዶላር ብቻ ነው። ከሰዓት በኋላ ዴይራ ሄዶ የ1,200 ዶላር ዕቃ ሊከፍል ሲል ካርዱ አልሠራም ይላል። ሠራተኛው የፊተኛውን ዕግድ ዘግቶት ቢሆን ኖሮ፣ የ2,100 ድርሃሙ ሂሳብ ከተወራረደ በኋላ 1,428 ዶላር በእጁ ይሆን ነበር። የአልጋውን ሂሳብ በጥሬ ገንዘብ የከፈለም ቢሆን ዕግዱ እስኪሰረዝ ድረስ 735 ዶላሩ እንደታሰረ ይቆያል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ጠቡን ከሆቴሉ ጋር ያደርጋል፤ “ገንዘቤን መልሱ” ይላል። ሆቴሉ ግን ያልተቀበለውን ሊመልስ አይችልም። የታገደው ገንዘብ ያለው ካርዱን በሰጠው ባንክ መዝገብ ላይ ነው። ሆቴሉ ማድረግ የሚችለው የስረዛ መልዕክት መላክ ነው። መልዕክቱ ካልተላከ ወይም ባንኩ ከፊተኛው ፈቃድ ጋር ካላገናኘው፣ ዕግዱ በራሱ ጊዜ እስኪያልቅ ይጠበቃል። ይህ ጊዜ እንደየባንኩ ደንብ ከጥቂት ቀናት እስከ አንድ ሳምንት ሊሆን ይችላል፤ ለሆቴል ፈቃድ ግን የካርድ ድርጅቶቹ ደንብ እስከ 30 ቀን ድረስ ይፈቅዳል። በሳምንት ለሚመለስ ነጋዴ 30 ቀን ማለት ከጉዞው በላይ ነው።

ሌላም ማስተዋል የሚገባ ልዩነት አለ። አንዳንድ ሆቴል መጠባበቂያውን አያግደውም፤ እንደ ሽያጭ ቆርጦ ይወስደውና በኋላ ይመልሰዋል። ሁለቱን የሚለየው ደረሰኙ ነው። PRE-AUTH የሚል ከሆነ ዕግድ ነው፣ SALE የሚል ከሆነ ክፍያ ነው። የካርዱ ገንዘብ ከድርሃምና ከዶላር ውጪ ከሆነ የሽያጩና የመላሹ ምንዛሪ ስለሚለያይ፣ በመካከሉ ኪሳራ ሊደርስ ይችላል። በስልክ ላይም Pending የሚለው የታገደውን፣ Posted የሚለው የተወራረደውን ያሳያል።

በመሆኑም ነጋዴው ሦስት ነገር ሊያደርግ ይገባል። ሲገባ የሚታገደውን መጠን ጠይቆ ደረሰኙን ከነፈቃድ ቁጥሩ ይያዝ። ሲወጣ “በፊተኛው ፈቃድ ዝጉልኝ” ይበል፤ በሌላ መንገድ ከከፈለ ደግሞ ዕግዱ መሰረዙን የሚገልጽ ማስረጃ ይቀበል። ከሁሉ በላይ የዕቃ መግዣውን ካርድ ለሆቴል አያቅርብ። መጠባበቂያውን በጥሬ ገንዘብ የሚቀበል ሆቴል ካለ ያ ይሻላል፤ ከሌለም ለአልጋ ብቻ የተሞላ ሁለተኛ ካርድ ይያዝ።

የሆቴሎቹ ሥጋት መሠረት የለውም አይባልም። ያልከፈለ እንግዳ አገር ጥሎ ከሄደ በኋላ የሚያዝ ሰው የለም። ተጠያቂነቱ የሚያመዝነው ግን ካርዱን በሚሸጠው ባንክ ላይ ነው። ባንኩ ካርድ ሲሸጥ ስለ ኮሚሽኑ ይናገራል፤ ዕግድ በስንት ቀን እንደሚነሳ ግን በውሉ ላይ በግልጽ ሊያሰፍርና ለደንበኛው ሊነግረው ይገባል። ከዚህም በላይ ደንበኛው የፈቃድ ቁጥሩንና የሆቴሉን የስረዛ ማስረጃ ሲያቀርብ በአንድ የሥራ ቀን ውስጥ ዕግዱን የሚያነሳ ሠራተኛ መመደብ አለበት። ዶላር በብዙ ደጅ ጥናት ለሚያገኝ ነጋዴ፣ ማንም ያልተቀበለው 735 ዶላር ለአንድ ወር ታስሮ መቀመጡ ያለ ወለድ የተሰጠ ብድር ነው፤ ተበዳሪው እንኳ የማይጠቀምበት ብድር።