ከአድዋ በፊት ነው በኋላ?

ባለፈው ክረምት ቤታችን ውስጥ ሁለት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጆች ነበሩ። አንዷ የእኔው ናት፤ ሌላው ከሜሪላንድ ለእረፍት የመጣ የወንድሜ ልጅ ነው። ዝናቡ አላስወጣ ሲላቸው የታሪክና የጂኦግራፊ ጨዋታ ገዝቼ ገባሁ። ዳይስ ይጣላል፣ የቆሙበት ቦታ ላይ የጥያቄ ካርድ ይነሣል፣ የመለሰ ይቀጥላል፣ ያልመለሰ ተራው ያልፈዋል። ሁለተኛው ዙር ሳያልቅ ልጄ «አባዬ፣ ይኼ እኮ ፈተና ነው» አለችኝ።

ልክ ናት። እዚያ ውስጥ ጨዋታው ዳይሱ ነው፤ ጥያቄው ኬላ ላይ የሚከፈል ቀረጥ ነው። ያለው ከፍሎ ያልፋል፣ የሌለው ይቆማል፣ ስለ ጥያቄው ግን አንዳቸውም አያስቡም። እንቆቅልሽ ስንጫወት «አገር ስጠኝ» እየተባባልን ስንት ከተማ ስንሰጣጥ ትምህርት ነው ብሎ ያሰበ አልነበረም፤ ከተማው ራሱ የጨዋታው መያዣ ነበርና። (እርግጥ ሁላችንም የምንሰጠው ጎንደርን ነበር።)

«ታይምላይን» የሚባል የካርድ ጨዋታ ያስታወስኩት ያን ጊዜ ነው። ፍሬደሪክ አንሪ የፈጠረው፣ በፈረንጆቹ 2010 የወጣ ጨዋታ ነው። ካርዱ በአንድ ፊቱ ድርጊቱ ተጽፎበታል፤ በሌላው ፊቱ ድርጊቱና ዓመቱ አለ። ለእያንዳንዱ ተጫዋች ጥቂት ካርዶች ዓመታቸው ወደ ታች ሆኖ ይታደላሉ። አንድ ካርድ ዓመቱ እየታየ መሐል ላይ ይቀመጣል። ተራው የደረሰ ከካርዶቹ አንዱን መርጦ ከመሐሉ ካርድ በፊት ወይም በኋላ ያስቀምጥና ይገለብጠዋል። ልክ ከሆነ ካርዱ እዚያው ይቀራል፤ ከተሳሳተ ካርዱ ወጥቶ በምትኩ ሌላ ይስባል። እጁን ቀድሞ የጨረሰ አሸናፊ ነው።

ብልሃቱ ዓመቱን ማወቅ የግድ አለመሆኑ ነው። የሚፈለገው የቱ ከየቱ እንደሚቀድም ብቻ ነው። መሐል ላይ አንድ ካርድ ብቻ ሲኖር ምርጫው ሁለት ነው፤ ዘጠኝ ካርድ ሲደረደር ግን የሚገባበት ቦታ አሥር ይሆናል። ጨዋታው ማንም ሳያከብደው ራሱ እየከበደ ይሄዳል።

እኔ ከካርቶን አርባ ካርድ ቆርጬ የራሳችንን ሠራሁ። ልጄ እጅ ላይ «ባቡር አዲስ አበባ ገባ» የሚለው ደረሳት። መደዳው ላይ «አፄ ምኒልክ ዐረፉ፣ 1906» ተገልጦ ነበር። አሰበች፤ ጮክ ብላም አሰበች። «ባቡሩን ያስጀመሩት ምኒልክ ናቸው። ስለዚህ ከመሞታቸው በፊት ነው።» ገለበጠችው፤ 1909። ሐዲዱ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ነው፤ አዲስ አበባ ግን የገባው ንጉሡ ካረፉ ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። «አላዩትማ!» አለች። ያቺ «አላዩትማ» ለእኔ ከአንድ ምዕራፍ ንባብ ትበልጣለች፤ የተሳሳተችው በግምት ሳይሆን አመዛዝና ስለሆነ አትረሳትም።

የእኔ ስሕተት ግን የባሰ ነበር። ለማቅለል ብዬ የዓለም ካርዶችንም ቀላቅዬ፣ ዓመታቸውን ከኢንተርኔት እንዳለ ገልብጬ ነበር። የኤፍል ማማ 1889 ተብሎ ተጻፈ፤ አድዋ 1888። በእኔ ካርዶች አድዋ ከማማው አንድ ዓመት ይቀድማል ማለት ነው። የወንድሜ ልጅ ካርዱን አንሥቶ አየና «አድዋ እኮ 1896 ነው» አለ፤ ልጄ «ኧረ 1888 ነው» አለች። ሁለቱም ልክ ነበሩ፤ ልክ ያልሆንኩት እኔ ነኝ። ማማው በእኛ አቆጣጠር 1881 ነው፤ አድዋን በሰባት ዓመት ይቀድማል። በኋላ እርሳስ ይዘን ቁጭ ብለን አረምነው፦ ከፈረንጆቹ ጥር እስከ እኛ ዓመት ማብቂያ ድረስ ስምንት ይቀነሳል፣ ከመስከረም አንድ እስከ ታኅሣሣቸው መጨረሻ ሰባት። ወሩን ሳያውቁ ዓመት ብቻ መገልበጥ አያዋጣም። እንዲህ የሚሠራ ሰው ቢኖር ከጅምሩ ድርጊቱን ከነወሩ ይያዝ።

ከዚያ ወዲህ ጠቡ ራሱ ጨዋታ ሆነላቸው። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ያሸነፈበትና የነ መንግሥቱ ንዋይ መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በወንድሜ ልጅ ቁጥር ሁለቱም 1960 ናቸው። በእኛ ግን የመጀመሪያው 1952፣ ሁለተኛው 1953 ነው። አበበ የሮጠው ጳጉሜን 5 ቀን ነበር፤ የአዲስ ዓመት ዋዜማ።

ሌላው ያስተማረኝ አጻጻፉ ነው። «ሉሲ» ብሎ የተጻፈ ካርድ ጠብ ያስነሣል፤ የኖረችበት ከ3 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው፣ የተገኘችው 1967። «ሉሲ ተገኘች» ተብሎ ሲጻፍ ደግሞ ከደርግ ካርድ ጎን ይገባል። ንጉሡ የወረዱት በዚያው ዓመት መስከረም 2 ነው፤ ሉሲ የተገኘችው ኅዳር ላይ። ዓመታቸው አንድ የሆነ ካርዶች ወራቸው ካልተጻፈ አንዱ መውጣት አለበት። ዓመታት የፈጁ ግንባታዎችም እንዲሁ፤ «ተጀመረ» ወይም «ተጠናቀቀ» ካላሉ ልጁ ይከራከራል፣ መከራከሩም ተገቢ ነው።

አንድ ቀን እናቴ መጥታ አብራን ተቀመጠች። ዓመት አትይዝም፤ «በጃንሆይ ጊዜ»፣ «በደርግ ጊዜ» ነው የምትለው። «ኢትዮጵያ የአፍሪካ ዋንጫን አሸነፈች» የሚለውን ካርድ ከአፍሪካ አንድነት ድርጅት ምሥረታ በፊት አስቀመጠችው። «እማማ፣ እንዴት አወቅሽ?» ሲሏት «ዋንጫው ጊዜ እናቴ ቤት ነበርኩ፤ የአፍሪካ መሪዎች ሲመጡ አግብቼ ነበር» አለች። ዋንጫው 1954፣ ድርጅቱ 1955። ሁለቱንም ልጆች አሸንፋ ቡናዋን ጠጣች። የእሷን ሠርግ ወዲያው ካርድ አደረጉት።

ጨዋታው የማይሠራውን ነገር ደብቄ አላልፍም። ቅደም ተከተል ያስይዛል እንጂ ለምን እንደሆነ አይነግርም፤ ባቡሩ ለምን ያን ያህል እንደዘገየ ካርዱ ላይ የለም፣ ልጅቷ ከጠየቀች አባት ይንገራት። አርባ ካርድም ቶሎ ያልቃል። አምስት ስድስት ጊዜ ከተጫወቱ በኋላ ልጆቹ ማመዛዘኑን ትተው ቁጥሩን በቃል ያዙት፤ የኤፍሉን ካርድ እንዲያውም ጥጉ ላይ ካለው የሻይ ነጠብጣብ ይለዩት ጀመር። ይህን ያወቅሁት ማሰብ አቁመው ሲፈጥኑ ነው። መፍትሔው ለእኔ አዲስ ካርድ መሥራት ሳይሆን እነሱ እንዲሠሩ መተው ሆነ። አንድ ካርድ ለመጨመር ወሩን ፈልጎ፣ ቀንሶ፣ ሌላውን የሚያሳስት ድርጊት መምረጥ አለባቸው። ለተንኮሉ ሲሉ ሥራውን ከእኔ በላይ ይሠሩታል።

የወንድሜ ልጅ ሊሄድ ሲል የሠራው የመጨረሻ ካርድ «ሚሊኒየም» ይላል። ገልብጦ አሳየን፤ 1992። የእነሱ ሁለት ሺህ ማለቱ ነው። ልጄ ሳቀችና ሌላ ካርቶን ቆርጣ እሷም «ሚሊኒየም» ብላ ጻፈች፤ 2000። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጧቸው። ከዚያ ልጁ ትንሽ አስቦ ሦስተኛ ካርድ ጻፈ፣ «አባቴ አሜሪካ ገባ»፤ በሁለቱ መካከልም አስገባው።