ዋጋው ሳይነካ የሚያንሰው ዳቦ

የዱቄት ዋጋ በናረ ቁጥር የዳቦውን መሸጫ ሳይነኩ ክብደቱን መቀነስ ደንበኛን ያቆያል የሚለው እምነት በኢትዮጵያ ዳቦ ቤቶች ዘንድ ሥር የሰደደ ነው። ብር በገበያ እንዲተመን ከተወሰነበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ ከ100 ብር ሲያልፍ፣ እርሾና ነዳጅን የመሰሉ ከውጭ የሚገቡ ግብዓቶች ስለተወደዱ ልማዱ ይበልጥ አሳማኝ መስሏል፤ ሒሳቡ ግን አይደግፈውም።

ለስሌት እንዲመች 100 ግራም የሚመዝን ዳቦ በ10 ብር ይሸጣል፣ ከዚህም 6 ብር ለዱቄት፣ 3 ብር ለማገዶ፣ ለሠራተኛና ለኪራይ ይወጣል፣ 1 ብር ትርፍ ይቀራል እንበል። ዱቄት 20 በመቶ ቢጨምር የዱቄቱ ወጪ 7 ብር ከ20 ሳንቲም ስለሚሆን፣ ትርፉን ለማቆየት ዳቦውን በ11 ብር ከ20 መሸጥ፣ ማለትም 12 በመቶ መጨመር ይበቃል። ዋጋውን 10 ብር ላይ አስቀምጦ ያንኑ ትርፍ ለማግኘት ግን ክብደቱ ወደ 83 ግራም መውረድ አለበት፤ ምክንያቱም የምድጃው ማገዶና የሠራተኛው ድካም በእያንዳንዱ ዳቦ ላይ የሚቆጠሩ እንጂ ሊጡ ሲያንስ የሚያንሱ አይደሉም። ስለዚህ አንድ ኪሎ ዳቦ የሚበቃው ቤተሰብ አሥር ዳቦ ይገዛ የነበረው አሁን አሥራ ሁለት ገዝቶ 120 ብር ይከፍላል፤ ዋጋው በግልጽ ቢጨመር ግን 112 ብር በበቃው ነበር። ደንበኛውን ይታደጋል የተባለው ዘዴ ይበልጥ የሚያስከፍለው ራሱን ደንበኛውን ነው።

ለምሳሌ የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ የሆነችው ከሚሴ በአዲስ አበባ–ደሴ መንገድ ላይ ስለምትገኝ፣ ዳቦ ቤቶቿ ሁለት ዓይነት ገዢ ያስተናግዳሉ። መንገደኛው አንድ ጊዜ ገዝቶ ስለሚያልፍ የትናንቱን ዳቦ ከዛሬው አያነጻጽርም፤ በየቀኑ የሚረከቡት ሻይ ቤቶችና የሰፈር ቤተሰቦች ግን መጠኑን በእጃቸው ያውቁታል። ክብደት መቀነስ እንግዲህ የሚሸሸገው ከማይመለሰው ገዢ ብቻ ነው፤ ቋሚው ደንበኛ ሲደርስበት የሚቆጣው በዋጋው ሳይሆን ሳይነገረው በመቅረቱ ነው።

ጋጋሪዎች ሳንቲም መመለስ ያስቸግራል የሚሉት እውነት ነው፤ ሆኖም አምስት ዳቦ በ56 ብር ቢሸጥ ችግሩ ይቀላል። ለሻይ ቤቶች ጭማሪው የሚጀምርበት ቀን ከሳምንት በፊት ቢነገርና እስከዚያ ቀን በዱቤ የወሰዱት በቀድሞው ዋጋ ቢታሰብ፣ እነርሱም የራሳቸውን ዋጋ ለማስተካከል ጊዜ ያገኛሉ።

የልማዱ ብርቱ መከላከያ በእጁ 10 ብር ብቻ ያለው ገዢ ነው። ለእርሱ ከ100 ግራሙ ጎን፣ ክብደቱ ከዋጋው ጋር ተለጥፎ፣ 80 ግራም የሚመዝን ዳቦ በ10 ብር ሊቀርብለት ይችላል፤ በላዩ የተጻፈለትን ግራም አውቆ ይገዛል።