ቀይ ዓይን በጥቁር ቀለም አይድንም

የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ማታ ካራ ላይ ችቦ ይለኮሳል፣ ፍላሽ ይበራል። በማግስቱ ፎቶው ሲታይ ልጆቹ ቀይ፣ ውሻው አረንጓዴ ዓይን ይዘው ብቅ ይላሉ። የፎቶ ቤቱም የባለስልኩም መላ አንድ ነው፦ ሁሉንም በጥቁር መድፈን። ይህ ፎቶ ማበላሸት እንጂ ማረም አይደለም።

የሁለቱ ቀለሞች ምንጭ ይለያያል። የሰው ዓይን የሚቀላው፣ በጨለማ የሰፋው ብሌን ከሌንሱ አጠገብ የሚበራውን ፍላሽ አስገብቶ ከጀርባው ካለው ደም ስለሚመልሰው ነው። ውሻና በግ ግን ከዓይናቸው ጀርባ እንደ መስታወት የሚያንጸባርቅ ሽፋን አላቸው። የእንጦጦ ጅብ ባትሪ ሲበራበት ዓይኑ የሚያበራውም በዚሁ ነው። ስለዚህ ቀይ የሚፈልግ ማረሚያ የውሻውን አረንጓዴ አያገኘውም። ላይትሩም ላይ Pet Eye ለብቻው የተቀመጠው ለዚህ ነው፤ Add Catchlight ሲመረጥ ደግሞ ብሌኑ ላይ ትንሽ ነጭ ነጥብ ይጨምራል። ያለዚያች ነጥብ ዓይኑ የሞተ ይመስላል።

የሚከፋው ግን ሳያዩ መደምሰሱ ነው። የልጅ አንዱ ዓይን ቀይ ሆኖ ሌላው ነጭ ቢያበራ፣ ፎቶው የተነሳበት ማዕዘን ያመጣው ሊሆን ይችላል። የዓይን ሞራ ወይም ሬቲኖብላስቶማ የተባለው የሕፃናት የዓይን ካንሰር ምልክትም ሊሆን ይችላል። ይህን የሚለየው ሐኪም ነው፤ ያልተነካካው ፎቶ ተይዞ ቶሎ መሄድ ያስፈልጋል። «ፎቶው አስቀያሚ ሆነ» ተብሎ በጥቁር የተደፈነውን ነጭ ግን ሐኪሙ ከየት አምጥቶ ያየዋል?