የሲያትሉ ታጣቂ፦ እውነተኛ ፎቶዎች ሐሰት ሲናገሩ

በሰኔ 2012 ዓ.ም መጀመሪያ የፎክስ ኒውስ ድረ ገጽ ስለ ሲያትል ካወጣቸው ምስሎች አንዱ ጠመንጃ የያዘ ሰው መስታወቱ ከረገፈ ሱቅ ፊት ቆሞ ያሳይ ነበር። የጆርጅ ፍሎይድን ግድያ ተከትሎ በተነሣው ተቃውሞ የከተማዋ ፖሊስ በካፒቶል ሂል ሠፈር የሚገኘውን ጣቢያውን ሰኔ 1 ለቆ ወጥቷል፤ ሰልፈኞችም በዙሪያው ያሉትን ጎዳናዎች ይዘዋል። ምስሉን ያየ ሰው ሠፈሩ በታጣቂዎች እጅ ወድቆ እየተዘረፈ ነው ብሎ ቢደመድም አያስገርምም።

ይሁንና ሲያትል ታይምስ የተሰኘው የከተማዋ ጋዜጣ ሰኔ 5 እንዳጋለጠው፣ እንዲህ ያለ ትዕይንት በየትኛውም ቀን አልታየም። ታጣቂው በጌቲ ኢሜጅስ ፎቶ አንሺ ካሜራ የተቀረጸው ሰኔ 3 ነው። የተሰባበሩት መስታወቶች ደግሞ ግንቦት 22 በመሀል ከተማ በሌላ ባለሙያ የተነሡ ናቸው። ሁለቱ ተቆርጠው አንድ ላይ ተገጥመዋል። ያው ታጣቂ በሌላ ምስል ደግሞ ወደ ሠፈሩ መግባትን በሚያበሥር ሰሌዳ ፊት እንዲቆም ተደርጓል። ከዚህም በላይ ስለ ሲያትል ከወጣ ዘገባ ጋር የቀረበው የሚነድ ሕንፃ ፎቶ ግንቦት 22 የተነሣው በሚኒሶታዋ ሴንት ፖል ከተማ ነበር።

የጉዳዩ ትምህርት እዚህ ላይ ነው። ለቅንብሩ የዋሉት ፎቶዎች እያንዳንዳቸው እውነተኛ ናቸው። ሐሰት የሆነው በመካከላቸው የተፈጠረው ግንኙነት፣ ማለትም ጊዜውና ቦታው ነው። ስለዚህ «ምስሉ የተፈበረከ ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ ብቻ አይበቃም።

እንዲህ ያለውን ምስል የሚመረምር አርታኢ ከምንጩ ይጀምራል። የዜና ወኪሎች ለእያንዳንዱ ፎቶ የአንሺውን ስም፣ ቀኑንና ቦታውን የያዘ መግለጫ ያያይዛሉ። አንድ ምስል አንድ መግለጫ ብቻ ሊኖረው ሲገባ፣ ከበስተጀርባው ያለው ነገር በመግለጫው ካልተጠቀሰ ጥርጣሬ ይነሣል። ምስሉን እንዳለ በምስል መፈለጊያ ማስገባት ሁልጊዜ ውጤት አይሰጥም፤ የተገጣጠመው ቅጂ አዲስ ነውና። የሚያዋጣው ሰውየውንና ሱቁን ለየብቻ ቆርጦ መፈለግ ነው፤ ያኔ ሁለት የተለያዩ መነሻዎች ሊወጡ ይችላሉ። አንድ ሰው በሁለት ቦታ በአንድ ዓይነት አቋቋም፣ የእጁ አያያዝ እንኳ ሳይለወጥ ከታየም ከአንድ ፎቶ መቆረጡን ያመለክታል።

ቀጥሎ ቀኑ ከታወቁ ክስተቶች ጋር ይነጻጸራል። ፖሊስ ጣቢያውን የለቀቀው ሰኔ 1 ከሆነ፣ ግንቦት 22 የተነሣ ፎቶ ሰልፈኞች ስለያዙት ሠፈር ማስረጃ ሊሆን አይችልም። ይህን ለማወቅ ልዩ መሣሪያ አያስፈልግም፤ የክስተቶቹን ቅደም ተከተል መያዝ ይበቃል።

ፎክስ ኒውስ ምስሎቹን አንሥቶ ባወጣው ማስታወሻ፣ ቅንብሩ ትዕይንቶቹን በግልጽ እንዳልለየና የሴንት ፖሉ ፎቶ በስሕተት እንደገባ ገልጾ መጸጸቱን አስታውቋል።

የዜና ወኪል ፎቶ ቢያንስ መግለጫ አለው። በዋትስአፕና በፌስቡክ የሚዘዋወር ቪዲዮ ግን ብዙውን ጊዜ የተቀረጸበትን ቀንና ቦታ የሚያሳየው የተደበቀ መረጃ ተነጥቆ ስለሚደርስ፣ ምስክሩ በምስሉ ውስጥ ያለው መሬት ብቻ ይሆናል። በ2013 ዓ.ም በትግራይ ያልታጠቁ ሰዎች በገደል አፋፍ ሲገደሉ የሚያሳዩ ቪዲዮዎች በተሠራጩ ጊዜ፣ የቢቢሲ አፍሪካ አይ መርማሪዎች የተራሮቹን ጫፍ ቅርጽ፣ የገደሉን አቅጣጫና በሥሩ ያለውን መሬት ከሳተላይት ምስል ጋር አስተያይተው ቦታው በማኅበረ ዴጎ ከተማ አቅራቢያ መሆኑን አረጋግጠዋል። አንድ ተራራ ከሌላው ጋር ሊመሳሰል ይችላል፤ ሸንተረሩ፣ መንገዱና ገደሉ በአንድ ላይ ሲገጥሙ ግን አጋጣሚ የመሆን ዕድሉ እጅግ ይጠባል።

ይህ ዘዴ ግን ወሰን አለው። የተራራ ቅርጽ የት እንደሆነ ይናገራል እንጂ ማን እንደገደለ አይናገርም። ያንን ለማወቅ የደንብ ልብሱ፣ የሚሰማው ቋንቋና የዓይን ምስክሮች ቃል ለየብቻ መመዘን አለባቸው። ልብስ ሊለበስ፣ ድምፅም በኋላ ሊጨመር ይችላልና። ጥንቃቄ ያለው ዘገባ ስለዚህ የተረጋገጠውን ካልተረጋገጠው ለይቶ ይጽፋል፦ ቦታው ታውቆ ቀኑ ካልታወቀ ይህንኑ ይናገራል። ከሲያትሉ ቅንብር የጎደለውም ይኸው መለያ ነበር።